«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለዋ ወረቀት

ስሙኝማ! ሰሞኑን አንድ ነገር ገባኝና ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም።

ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጠው የአክስቴ ልጅ ሱቅ ተቀምጫለሁ። ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። አንዲት እናት ናቸው፦ «መስከረም 8 የገዛሁት ምጣድ በአንድ ጎኑ አይጋግርም። ግማሹ እንጀራ ግማሹ ሊጥ ሆነብኝ። ገንዘቤን መልሱልኝ።» ቀኑ መስከረም 17 ነበር። የአክስቴ ልጅ «ይቅርታ፣ እናየዋለን» ብላ ልትልክ ስትል እጇን ያዝኳት። «እናየዋለን» ሲባል እኛ የምንሰማው «እርሱት» የሚል አይደል? እሷ ደግሞ ግድግዳው ላይ የለጠፈቻትን ወረቀት አሳየችኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

ሕጉን አብረን አነበብነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው፤ የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛህ በ15 ቀን ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥልህ ወይም ዋጋውን እንዲመልስልህ መጠየቅ ትችላለህ። «መጠየቅ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ! በ15 ቀን ውስጥ መድረስ ያለበት ጥያቄው ነው። እኚህ እናት በ9ኛው ቀን በጽሑፍ ጠይቀዋል፤ አለቀ።

ታዲያ የግድግዳዋ ወረቀትስ? በርቶልኝ የጮኽኩት እዚህ ጋ ነው። ወረቀቷ ቦታ አላት፤ «ቀለሙ አላማረኝም» ወይም «ሐሳቤን ቀየርኩ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ትሠራለች። ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን አዋጁ የሰጠውን መብት ሱቅ ያሳተማት ወረቀት አትሽረውም።

ቀጥሎ ጥያቄ መጣ፦ ጉድለቱ የዕቃው ይሁን የአያያዝ በምን ይታወቃል? የምጣዱ ሸክላ ከሥሩ ቦይ ቦይ አለው፤ በቦዩ ውስጥ እንደ ጸደይ የተጠመዘዘ ሽቦ ይዞራል። ሽቦው በአንድ ጎን ተለጥጦ ከተዘረጋ ጥምዝምዙ ይሳሳል፤ በሳሳበት በኩል ሙቀቱ ያንሳል። ከአንድ ወገን ብቻ እንጨት የተማገደለትን ምድጃ አስቡት! ይህ የሠሪው ጉድለት ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ፈስሶበት ከሆነ ግን ሸክላው ይሰነጠቃል፤ መስመሩም በዓይን ይታያል። መለያው ምን መሰላችሁ? ምጣዱን ሰክቶ ቀጭን ዱቄት መነስነስ ነው። ዱቄቱ እኩል ካልጠቆረ፣ ነጭ ሆኖ የቀረው ቦታ ራሱ ይናገራል።

አሁን መልሱን ጻፍነው፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልን። መስከረም 8 በ6,500 ብር የገዙት ምጣድ በአንድ ጎኑ አልጋግር እንዳለዎት ዛሬ መስከረም 17 ጽፈውልናል፤ ስላደከምንዎ ይቅርታ። ምጣዱ ከባድ ስለሆነ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሰው ልከን በእኛ ወጪ እናስመጣለን። እርስዎም ደረሰኙን ይዘው ይምጡ። እርስዎ ፊት ሰክተን እናየዋለን። ጉድለቱ ከታየ ሌላ ምጣድ ወይም 6,500 ብርዎን ሙሉውን በዚያው ሰዓት ይረከባሉ፤ ምርጫው የእርስዎ ነው። ሌላ ምጣድ ከመረጡ እሱንም ሰክተን አሳይተን ነው የምናስረክብዎ።»

አያችሁ? እኚህ እናት «መቼ? በማን ወጪ? ስንት? ማን ይመርጣል?» ብለው መልሰው የሚጠይቁት ነገር አልቀረም። «ከታየ» የምትለዋ ቃልም ሱቁን ትጠብቃለች፤ ምጣዱ ሳይታይ ሱቁ ጥፋተኛ አልተባለም፤ እሳቸውም ውሸታም አልተባሉም።

በማግስቱ ዱቄቱ ተነሰነሰ፤ አንድ መዳፍ የምታክል ቦታ ነጭ ሆና ቀረች። እሳቸውም ሌላ ምጣድ መረጡ።

«ኪሳራው የኔ ሆነ ማለት ነው?» አለች የአክስቴ ልጅ። አይደለም! እሷም እኮ ገዢ ናት፤ ምጣዱን የገዛችው ከአከፋፋይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይላል፤ ክስ ቢያስፈልግ ደግሞ ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። ስለዚህ ያንኑ ቀን የዱቄቱን ፎቶ ከደረሰኟ ጋር ለአከፋፋዩ ላከችለት። ምጣዱን ዝም ብላ ጓዳ ብትከተው ኖሮ ግን በእርግጥም የራሷ ኪሳራ ይሆን ነበር።

የግድግዳዋን ወረቀት ቀደደቻትና በምትኳ ሌላ ጽፋ ለጠፈች፦ «ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ይንገሩን፤ እንለውጣለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። ደረሰኝዎን አይጣሉ።» እናንተም ደረሰኛችሁን አትጣሉ።