ለአንድ አስተያየት አንድ መልስ

የቪዲዮ ምላሽ ተመልካች ከቪዲዮ ሥር ለጻፈው አስተያየት በሌላ አጭር ቪዲዮ የሚሰጥ መልስ ነው። በቲክቶክ አስተያየቱ ራሱ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ በምስሉ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ተናጋሪው ጥያቄውን እንደገና ቢያነበው ተመልካቹ ቀድሞ ባየው ነገር ጊዜ ያባክናል። ጽሑፉ መጀመር ያለበት ከመልሱ ነው።

የእንጀራ አጋገር የምታስተምር ሴት እንዲህ የሚል አስተያየት ደረሳት እንበል፦ «ሊጡ በደንብ ይቦካል፣ ምጣዱም ይግላል፣ እንጀራው ግን ዓይን አያወጣም።» እንጀራ ዓይን የሚያጣበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም መደርደርም ያጓጓል። ጠያቂዋ ግን ሁለቱን ራሷ አስቀርታለች። ስለ አብሲት ምንም አላለችም፤ መልሱም እዚያ ላይ ቢያርፍ ይሻላል። የአስተያየቱን ቃላት አንድ በአንድ ማንበብ የሥራው ግማሽ ነው።

ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ሊጡ ቦክቶ፣ ምጣዱ ግሎ እንጀራው ዓይን ካላወጣ መጀመሪያ አብሲቱን ይዩት። ሊጡ ላይ ያቀረረውን ውሃ ይድፉና ከሊጡ ትንሽ ቀንሰው በፈላ ውሃ ላይ እያማሰሉ ያብስሉት። ወፈር ሲል ያውርዱት፤ ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመልሱት። የበሰለው ሊጡን ያያይዘዋል፤ አየሩም ቶሎ አያመልጥም። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሲነሳ ይጋግሩ።»

ይህ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱን ይሰጣል፤ ቀጥሎ አሠራሩ ይመጣል፤ ምክንያቱ በአንድ መስመር ያልቃል፤ መጨረሻው ጠያቂዋ በዓይኗ የምታረጋግጠው ምልክት ነው። ስለ ጤፍ ዓይነት ወይም ስለ ምጣድ ማሰሻ የሚነገረው እውነት ቢሆንም እዚህ አይገባም፤ ለሌላ አስተያየት ይቆያል። ማሳጠር ቢያስፈልግ የምክንያቱ መስመር ይወጣል እንጂ ምልክቱ አይነካም፤ ያለ እሱ ጠያቂዋ መቼ እንደምትጋግር አታውቅም።

አማርኛ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከመለያ ስም ጾታም ዕድሜም ላይታወቅ ስለሚችል «እርስዎ» ያስተማምናል። ግማሹን «አንቺ»፣ ግማሹን «እናንተ» ማለት ግን መልሱ ለማን እንደሆነ ያደናግራል።

ቪዲዮው የመጀመሪያውን ቪዲዮ ላላዩ ሰዎችም ይደርሳል። ስለዚህ «ባለፈው እንዳልኩት» የሚል ሐረግ መውጣት አለበት። ጽሑፉ መሳካቱን ለማወቅ አስተያየቱንና መልሱን ብቻ ለሌላ ሰው አንብቦ «ምን አድርጊ ተባለች?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው «አብሲት ጣይ» ካለ ጽሑፉ ለቀረጻ ደርሷል። ሁለት ነገር ከጠቀሰ ግን አንዱ መሰረዝ አለበት። አስተያየቱ «እንጀራዬ እምቢ አለኝ» ብቻ ከሆነ ደግሞ መልስ ከመቅረጽ በፊት ሊጡ ስንት ቀን እንደቆየ በጽሑፍ መጠየቅ ይቀድማል።