የትኞቹ መጋዘኖች ይከፈቱ? መልሱን የሚያረጋግጠው ወለል

የምግብ ዘይት የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ለስድስት ከተሞች ያቀርባል እንበል፦ ለአዳማ፣ ለአሰላ፣ ለሀዋሳ፣ ለዲላ፣ ለሶዶ እና ለአርባ ምንጭ። መጋዘን ሊከራይ የሚችለው ግን በአራቱ ብቻ ነው፦ በአዳማ፣ በሀዋሳ፣ በሶዶ እና በዲላ። መጋዘን ባበዛ ቁጥር ኪራዩ፣ የጥበቃውና የሠራተኛው ደመወዝ ይከብደዋል። ካሳነሰ ደግሞ የጭነት መኪኖቹ ሩቅ ይሄዳሉ። ጠቅላላ ወጪው ዝቅ የሚለው የትኞቹን ሲከፍት ነው?

ነገሩን በእጅ ማስላት እንዲቻል ለምሳሌ ያህል የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። ሁሉም በወር በሺህ ብር ናቸው። የመጨረሻው መስመር መጋዘኑን ከፍቶ ለማቆየት የሚወጣው ቋሚ ወጪ ሲሆን፣ ሌሎቹ የማጓጓዣ ወጪ ናቸው።

| ወደ | ከአዳማ | ከሀዋሳ | ከሶዶ | ከዲላ |
|---|---|---|---|---|
| አዳማ | 2 | 20 | 30 | 28 |
| አሰላ | 8 | 14 | 25 | 22 |
| ሀዋሳ | 20 | 2 | 13 | 9 |
| ዲላ | 28 | 9 | 20 | 2 |
| ሶዶ | 30 | 13 | 2 | 20 |
| አርባ ምንጭ | 40 | 24 | 12 | 28 |
| ቋሚ ወጪ | 24 | 24 | 18 | 12 |

እያንዳንዱ መጋዘን ወይ ይከፈታል ወይ አይከፈትም፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ መከፈት ካለበት ምርጫዎቹ 15 ናቸው። ይህን አንድ በአንድ አስልቶ መጨረስ ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ እጩ መጋዘን በተጨመረ ቁጥር ምርጫው እጥፍ ስለሚሆን፣ 30 እጩዎች ሲኖሩ ቁጥሩ ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። ሁሉንም ሳይቆጥሩ የተሻለ መልስ አለመኖሩን ማረጋገጥ የሚያስችል ዘዴ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የነበሩት አይልሳ ላንድ እና አሊሰን ዶይግ የተባሉ ሁለት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1960 እንዲህ ያለውን ዘዴ አሳተሙ። ዛሬ ብራንች ኤንድ ባውንድ በመባል ይታወቃል፤ ችግሩን እየከፈሉ ቅርንጫፍ ማውጣት፣ ተስፋ የሌለውን ቅርንጫፍ ደግሞ በወሰን መቁረጥ ማለት ነው።

ወሰኑ የሚገኘው ደንቡን በማላላት ነው። መጋዘንን በሲሶ ወይም በሩብ መክፈት ይቻላል ብለን ለጊዜው እንቀበል። በገሃዱ ዓለም እንዲህ ያለ መጋዘን የለም። ነገር ግን የላላው ደንብ እውነተኛዎቹን ምርጫዎች ሁሉ ስለሚያካትት፣ በእሱ የሚገኘው ዝቅተኛ ወጪ ከእውነተኛው ዝቅተኛ ወጪ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ እውነተኛው መልስ ፈጽሞ የማይወርድበት ወለል ሆኖ ያገለግለናል።

ይህን ወለል በእርሳስና በወረቀት ማስላት የሚቻልበትን መንገድ ኤፍሮይምሰን እና ሬይ እ.ኤ.አ. በ1966 አሳይተዋል። ከስድስቱ ከተሞች ሁለቱን የሚመግብ መጋዘን ሁለት ስድስተኛ ተከፍቷል፣ ከቋሚ ወጪውም ሁለት ስድስተኛውን ይከፍላል ይባላል። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ከተማ በማጓጓዣው ላይ የመረጠውን መጋዘን ወጪ አንድ ስድስተኛ ይጨምራል፤ ለአዳማና ለሀዋሳ መጋዘን 4፣ ለሶዶ 3፣ ለዲላ 2 መሆኑ ነው። ሀዋሳ ከተማ ከራሷ መጋዘን ብትወስድ 2 እና 4 ተደምሮ 6 ይመጣል፤ ከዲላ ብትወስድ 9 እና 2 ተደምሮ 11 ይሆናል። ስለዚህ የራሷን ትመርጣለች። ስድስቱም እንዲህ ሲመርጡ ድምሩ 48 ይሆናል። አራቱም መጋዘኖች በከፊል ብቻ የተከፈቱ ስለሆኑ ይህ መልስ አይደለም። ከ48 በታች የሚገኝ ነገር እንደሌለ ግን አውቀናል።

አሁን ቅርንጫፍ እናውጣ። በአንደኛው ቅርንጫፍ አዳማ በእርግጥ ተከፍቷል፤ 24ቱን ሙሉ እንከፍላለን፣ ከእሱ የሚወስዱ ከተሞችም ማጓጓዣውን ብቻ ይከፍላሉ። ወለሉ ወደ 64 ይወጣል። በሌላው ቅርንጫፍ አዳማ ተዘግቷል፤ አዳማና አሰላ ከሀዋሳ ለመውሰድ ስለሚገደዱ ወለሉ 72 ይሆናል።

ዝቅ ያለውን ይዘን እንቀጥል። አዳማ ተከፍቶ ሶዶም ሲከፈት ወለሉ 76፣ ሶዶ ሲዘጋ ደግሞ 89 ነው። በ76ቱ ላይ ዲላን ስንከፍት 86፣ ስንዘጋ 85 እናገኛለን። አዳማ፣ ሶዶና ዲላ ተከፍተው ሀዋሳ ሲዘጋ ግን የቀረ ቁርጥራጭ የለም፤ ቋሚው ወጪ 54፣ ማጓጓዣው 35፣ ድምሩ 89። ይህ የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ነው። ሀዋሳም ቢጨመር 106 ስለሚሆን ይብሳል።

መቁረጥ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። እጃችን ላይ 89 ስላለ፣ ወለሉ 89 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቅርንጫፍ የተሻለ ነገር ሊያወጣ አይችልም። አዳማ ተከፍቶ ሶዶ የተዘጋበት ቅርንጫፍ ወለሉ 89 ነበርና በአንድ ጊዜ ከነውስጡ ይጣላል፤ በውስጡ የነበሩት አራት ምርጫዎች መታየት አያስፈልጋቸውም። አዳማና ሀዋሳ ሁለቱም የተዘጉበትም ወለሉ 89 ስለሆነ እንዲሁ ይቆረጣል። የቀሩት ሲከፈሉ ወለላቸው ወደ 96፣ 99 እና 101 ይወጣና ያበቃላቸዋል። 89ን የሚያሸንፍ የለም።

እስቲ የሠራነውን እንቁጠር። ዛፉ ላይ ከግንዱ ጀምሮ 15 ቦታ ወለል አስልተናል። ምርጫዎቹም 15 ነበሩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ብንሞክር ኖሮ ከዚህ የበለጠ አንደክምም ነበር። ጥፋቱ የወለሉ ነው፤ እውነተኛው መልስ 89 ሆኖ ሳለ 48 ብሎ የሚነሳ ወለል እጅግ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ቅርንጫፎቹ ቶሎ ሊቆረጡ አልቻሉም።

ወለሉ ለምን ዝቅ አለ? አዳማ መጋዘን ሲሶ ብቻ ተከፍቶ ለአዳማና ለአሰላ ሙሉ ፍላጎታቸውን እንዲያቀርብ ስለፈቀድንለት ነው። ይህን መከልከል ይቻላል፤ ማንኛውም ከተማ ከአንድ መጋዘን የሚወስደው ድርሻ መጋዘኑ ከተከፈተበት ድርሻ አይብለጥ እንበል። ሲሶ የተከፈተ መጋዘን ለአንድ ከተማ ከፍላጎቱ ሲሶውን ብቻ ይሰጣል። በሂሳብ ሲጻፍ ልዩነቱ ይህን ያህል ነው፦

```
x_1j + x_2j + ... + x_6j ≤ 6·y_j     (1)
x_ij ≤ y_j                           (2)
```

`y_j` መጋዘኑ የተከፈተበት ድርሻ ነው፤ `x_ij` ደግሞ ከተማው ከዚያ መጋዘን የሚወስደው ድርሻ። መጋዘን ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ከሆነ ሁለቱ አጻጻፎች አንድ ትርጉም አላቸው። ሲላሉ ግን ይለያያሉ። በሁለተኛው ስናላላ ወለሉ ከ48 ወደ 89 ይዘልላል፤ ገና ግንዱ ላይ ሳለን፣ አንድም ቅርንጫፍ ሳናወጣ ሥራው ያልቃል።

ይህን 89 ኮምፒውተር አለ ብሎ መቀበል አያስፈልግም። እያንዳንዱ ከተማ ለአገልግሎቱ በጠቅላላው የሚከፍለውን ዋጋ እንመድብ፦ አዳማ 20፣ አሰላ 14፣ ሀዋሳ 13፣ ዲላ 10፣ ሶዶ 12፣ አርባ ምንጭ 20። ድምሩ 89 ነው። ቀጥሎ ከተሞቹ ማጓጓዣቸውን ከፍለው ለእያንዳንዱ መጋዘን ቋሚ ወጪ ምን እንደሚተርፋቸው እንይ። ለአዳማ መጋዘን ከአዳማ ከተማ 18፣ ከአሰላ 6 ይተርፋል፤ ልክ 24። ለሶዶ 10 እና 8፣ ልክ 18። ለዲላ ከሀዋሳ 4፣ ከዲላ ከተማ 8፣ ልክ 12። ለሀዋሳ መጋዘን 12 ብቻ ይዋጣል፤ ወጪው ግን 24 ነው። የተዋጣው ከቋሚ ወጪው የሚበልጥበት አንድም መጋዘን የለም። እንግዲህ የትኞቹንም መጋዘኖች ብንከፍት ጠቅላላ ወጪው ከተመደበው ድምር በታች ሊወርድ አይችልም። ዶናልድ ኤርለንኮተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው የታወቀ ዘዴ ወለሉን የሚያሳድገው እንዲህ ያሉ ዋጋዎችን ደረጃ በደረጃ ከፍ በማድረግ ነው።

ጠበቅ ያለው አጻጻፍም ሁልጊዜ ከግንዱ ላይ አይጨርስም። ሦስት መጋዘኖችና ሦስት ከተሞች ኖረው እያንዳንዱ ከተማ ለሁለቱ ቅርብ፣ ለሦስተኛው ሩቅ ቢሆን፣ የላላው ደንብ ሦስቱንም በግማሽ ከፍቶ በአንድ መጋዘን ተኩል ኪራይ ሁሉንም ከቅርብ ሊያዳርስ ይችላል። እውነተኛው ምርጫ ግን ወይ ሁለት መጋዘን ነው፣ ወይ አንድ መጋዘንና ረጅም ጉዞ። እዚህ ላይ ቅርንጫፍ ማውጣት ግድ ይሆናል። መጋዘኖቹ የመያዝ አቅማቸው የተወሰነ ሲሆንም ከተሞቹ ለቦታ ስለሚሻሙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚመርጥበት ቀላል ስሌት አይሠራም።

ፕሮግራም ተጠቅሞ የሚሠራ ሰው የአጻጻፉን ድክመት ከስክሪኑ ላይ ያነባል። ፕሮግራሙ እስካሁን የተገኘውን ምርጥ መልስና ወለሉን ጎን ለጎን ያሳያል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት `Gap` ተብሎ በመቶኛ ይጻፋል። በእኛ ምሳሌ መልሱ 89፣ ወለሉ 48 ሲሆን ርቀቱ 46 በመቶ ገደማ ነው። መልሱ ቀድሞ ተገኝቶ ወለሉ ለረጅም ጊዜ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ ሌላ ፈጣን ኮምፒውተር ከመፈለግ በፊት አጻጻፉን መመርመር ይገባል። በ(1) ላይ በ6 ፈንታ «ይበቃል» ተብሎ 1000 ከተጻፈ ወለሉ ማጓጓዣው ብቻ ወደሚያወጣው ወደ 28 አካባቢ ይወርዳል፤ መልሱ ያው ነው፣ ፍለጋው ግን ይረዝማል።

አንድ ነገር ሥራ አስኪያጁ ሊያውቀው ይገባል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከ89 የተሻለ እንደሌለው እንጂ በውስጡ ያለው ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም። የዲላው አከራይ ዋጋ ቢጨምር ምን ይሆናል የሚለውን ለመመለስ ዲላን ዘግቶ እንደገና መፍታት ያስፈልጋል። ያኔ የሚገኘው ዝቅተኛ ወጪ፣ በአዳማና በሶዶ ብቻ፣ 99 ነው። እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ከዲላው አከራይ ጋር ሲደራደር በወር እስከ 10 ሺህ ብር ጭማሪ ድረስ መጋዘኑን ይዞ መቆየት ያዋጣዋል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዲላን ዘግቶ ከሶዶ ማቅረብ ይሻለዋል።