ላልተዋወቁት ሰው የሚጻፍ ኢሜይል ርእሱ ምን ይሁን?

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ከቀኑና ከቁጥሩ በታች «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግልን ስለ መጠየቅ» ተብሎ መጻፉ የቆየ ሥርዐት ነው፤ ደብዳቤውም በመዝገብ ቤት በኩል አልፎ ከኃላፊው ጠረጴዛ ስለሚደርስ፣ ርእሱ ቢያምርም ባያምርም መነበቡ አይቀርም። ይህንኑ ልማድ ይዘን ስማችንን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ኢሜይል ስንልክ ግን፣ ርእሱ የሚናገረው የላኪውን ችግር እንጂ የተቀባዩን ጉዳይ አይደለምና፣ ሰውየው ሳይከፍተው ቢያልፍ አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲብራራ የአንድ ቡና ላኪ ወዳጄን ነገር ላንሣ። በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ቡና እየቆላ ለሚሸጥ አነስተኛ ድርጅት ለመጻፍ ሲያስብ፣ በመጀመሪያ ያሰፈረው ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከኢትዮጵያ ቡና ላኪ የቀረበ የትብብር ጥያቄ» የሚል ነበር። ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን ማንኛውም ላኪ ለማንኛውም ገዢ ሊጽፈው የሚችል ስለ ሆነ፣ ለዚያ ሰው ለብቻው የሚነግረው ነገር የለም። ከዚያም አዋቂ ነኝ ባይ መካሪ አገኘና «Re: ስለ ናሙናው» ብሎ እንዲጽፍ መከረው፤ ተቀባዩ የጀመረው የመልእክት ልውውጥ መስሎት ይከፍተዋል ማለቱ ነው።

መክፈቱን ይከፍተዋል። ነገር ግን ከፍቶ ያልጠየቀውን ናሙና ሲያነብ፣ መታለሉን በተረዳባት ቅጽበት፣ ከርእሱ በታች ያለው እውነት ሁሉ በኅሊናው ይረክሳል፤ እጁም የስፓም ምልክቱን ወደ መጫን ያዘነብላል። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የንግድ ኢሜይል ርእስ ስለ ይዘቱ አንባቢውን እንዳያሳስት ይከለክላል፤ የላኪው የፖስታ አድራሻና «ከእንግዲህ አትላኩልኝ» የሚባልበት መንገድ እንዲኖርም ያዛል። (የጀርመን ሕግ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ አስቀድሞ ያልፈቀደ ሰው፣ ነጋዴም ቢሆን፣ የማስታወቂያ ኢሜይል እንዲላክለት በመሠረቱ አይፈቅድም።)

ታዲያ ምን ይጻፍ? ወዳጄ የገዢውን ድረ ገጽ በትዕግሥት ሲመለከት፣ የጉጂ ቡና ከዝርዝሩ ውስጥ «አልቋል» ተብሎ አገኘው፤ እርሱ ደግሞ ከኡራጋ የመጣ የታጠበ ቡና፣ ባለ 60 ኪሎ 40 ጆንያ በመጋዘን አለው። ስለዚህ ርእሱ «የታጠበ የጉጂ ኡራጋ ቡና፣ 40 ጆንያ» ሆነ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከ30 ፊደል አያልፍም፤ ይህም መልካም ነው፣ ምክንያቱም የእጅ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ከርእሱ የሚያሳየው 30 ወይም 40 ፊደል ያህል ብቻ ነውና፣ ዋናው ነገር ወደ ኋላ ከቀረ ተቆርጦ ይቀራል። በርእሱ ውስጥ ቃለ አጋኖ የለም፤ «ምርጥ» የሚል ቅጽል የለም፤ የተቀባዩም ስም የለም፤ ስምን በርእስ ማስገባት ዛሬ የጅምላ ላኪዎች ፕሮግራም በራሱ የሚሠራው ሥራ በመሆኑ ወዳጅነትን አያሳይም።

ከርእሱ ቀጥሎ በብዙ የመልእክት ሳጥኖች ውስጥ የደብዳቤው የመጀመሪያ ቃላት ደብዘዝ ብለው ይታያሉ፤ ይህን ስፍራ «እንደምን ሰንብተዋል፣ ስሜ እገሌ ይባላል» በሚለው ሰላምታ ማባከን ያሳዝናል። ወዳጄ ሰላምታውን አሳጥሮ «በድረ ገጽዎ የጉጂው ቡና ማለቁን አይቼ ነው የጻፍኩልዎ፤ 200 ግራም ናሙና ልላክልዎ?» ብሎ ጀመረ። እንግዲህ ርእሱ ያለውን ነገር ሲናገር፣ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለምን ለዚህ ሰው እንደ ተጻፈ ያስረዳል፤ አንዱ ያለ ሌላው ጐደሎ ነው።

ብዙዎች «ነጻ» ወይም «ቅናሽ» የሚሉ ቃላትን ብቻ በመሸሽ ከስፓም ሣጥን የሚያመልጡ ይመስላቸዋል። ማጣሪያው ግን ከቃሉ ይልቅ የላኪውን ስምና የተቀባዮችን አቤቱታ አጥብቆ ይመለከታል፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ላኪዎች የአቤቱታቸው መጠን ከ1,000 መልእክት ወደ 3 እንዳይደርስ አስጠንቅቋል። ለ50 ሰው ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ስሌት በአንድ የተቈጣ አንባቢ ብቻ ሊያልፈው እንደሚችል ልብ ይሏል።

የተከፈተበትን ቁጥር እያያችሁ ርእስ የምትመርጡም ተጠንቀቁ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የምሥጢር መጠበቂያ ምክንያት፣ ሰው ያልተመለከተው ኢሜይል እንኳ እንደ ተከፈተ ሆኖ ሊቈጠር ይችላልና። ስለዚህ ሁለት ርእስ ስታወዳድሩ የተከፈተውን ትታችሁ፣ «አዎ፣ ናሙናውን ላክ» የሚል መልስ ያመጣውን ቁጠሩ።