የተዘበራረቁ ፊደሎች ከየት ይመጣሉ?

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2021፣ እሑድ አመሻሽ ላይ፣ የአሜሪካን የኑክሌር ጦር መሣሪያ በኃላፊነት የያዘው የስትራቴጂክ ዕዝ በትዊተር አንድ መልእክት አወጣ። መልእክቱ እንዳለ ይህ ነበር፦

```
;l;;gmlxzssaw
```

ሌላ ቃል አልነበረውም። ዕዙ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መልእክቱን ሰረዘና ስለተፈጠረው መደናገር ይቅርታ ጠየቀ። እስከዚያ ግን ብዙ ሺህ ሰው አይቶት ነበር። አንዳንዱ የኑክሌር ሚሳይል ማስወንጨፊያ ኮድ አፈትልኮ ወጣ አለ፤ አንዳንዱ ጠላፊዎች ገብተዋል አለ፤ ለምስጢራዊ ቡድን የተላከ ምልክት ነው ያለም አልጠፋ። ላኪው ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ላኪው ከባድ በመሆኑ ግን ፊደሎቹም የከበዱ መሰሉ።

ነገሩን ያጠራው ሚካኤል ታለን የተባለ የዴይሊ ዶት ጋዜጠኛ ነው። በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ መሠረት ዕዙን በጽሑፍ ጠየቀ፤ መልስም አገኘ። በወረርሽኙ ምክንያት ከቤቱ ይሠራ የነበረው የዕዙ የትዊተር ኃላፊ ገጹን ክፍት ትቶ ለአፍታ ዞር ብሏል። በዚህ መሐል ሕፃን ልጁ በኪቦርዱ ሲጫወት፣ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ መልእክቱን ልኮታል። የጠለፋ ምልክት እንዳልነበረም ዕዙ በመልሱ ገልጿል።

ይህን መልስ ማንም ሳይጠብቅ ከፊደሎቹ ብቻ መገመት ይቻል ነበር። በጣት የተነካካ ኪቦርድ አሻራ ይተዋል፤ አሻራው ደግሞ የሐሳብ ሳይሆን የእጅ ነው።

በዓለም ላይ በስፋት የሚሠራበት የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ፊደሎቹን በሦስት ረድፍ ደርድሯል። አሰላለፉ በ1870ዎቹ ከወጡት የጽሕፈት መኪናዎች የተወረሰ ነው። ጣቶች የሚያርፉት በመካከለኛው ረድፍ ላይ ነው፦ የግራው ትንሽ ጣት በ`a`፣ የቀኙ ትንሽ ጣት በ`;`። አሁን የዕዙን መልእክት በዚህ ሰሌዳ ላይ እንከተለው። መጀመሪያ `;l;;` ይመጣል። `;` እና `l` በመካከለኛው ረድፍ ቀኝ ጫፍ ጎን ለጎን ያሉ ቁልፎች ናቸው። ቀጥሎ `gml`፣ ወደ መሐል ሄዶ መመለስ ነው። ከዚያ `xzssaw`፣ ስድስቱም በግራ ጫፍ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ናቸው። ትንሽ እጅ በቀኝ በኩል ደጋግማ መታች፣ መሐሉን ነካ አድርጋ አለፈች፣ በግራ በኩል ጨረሰች።

መልእክቱ 13 ምልክቶች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ 12 ሽግግር ማለት ነው። ከ12ቱ ስምንቱ ወይ ያንኑ ቁልፍ መድገም፣ ወይ አጠገቡ ያለውን መንካት ናቸው። የእነዚያን ሦስት ረድፎች ቁልፎች በዕጣ እያወጣን 13 ብንጽፍ ግን እንዲህ ያለው ሽግግር በአማካይ ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጥም። እውነተኛ የምስጢር ጽሑፍ የሚመስለው ይህን የዕጣውን ነው። ጥሩ ምስጢራዊ አጻጻፍ ፊደሎችን ከሞላ ጎደል እኩል ይበትናል፣ የቁልፎቹ ጉርብትናም ምንም አያገባውም። የአሜሪካ ጦር ለኑክሌር ኃይሎቹ የሚያስተላልፈው አስቸኳይ ትእዛዝ በአጭር ሞገድ ሬዲዮም ይነበባል፤ የሚነበበው ፊደልና ቁጥር በየተራ እየተጠራ ነው። በ13 ምልክት ውስጥ ሦስት ጊዜ የመጣው `;` እዚያ ቦታ የለውም። ስለዚህ ጎረቤት ቁልፎች ተከታትለው ሲመጡ፣ ተመሳሳይ ቁልፍ ሲደጋገም፣ በቃላት መካከል ክፍተት ሲጠፋ አንባቢ ወደ አደጋ ቢያዘነብል ትክክል ነው። ለኮድ ከዚህ ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።

በአማርኛ ሲሆን አሻራው ሌላ መልክ ይይዛል፤ ይህንን ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በላቲን ድምፅ ፊደል በሚያስጽፉት በርካታ የአማርኛ ኪቦርዶች ተነባቢው ብቻውን ሲነካ ሳድስ ይወጣል፤ `s` ስ ይሆናል፣ `l` ል ይሆናል። ፊደሉ ወደ ሌላ ቤት የሚሄደው አናባቢ ሲከተለው ነው። ከአናባቢዎቹ ደግሞ `e`፣ `u`፣ `i` እና `o` የሚገኙት በላይኛው ረድፍ ላይ ነው፤ እጅ በሚያርፍበት በመካከለኛው ረድፍ ላይ ያለው `a` ብቻ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ኪቦርዶች ላይ ክንድ ሲያርፍ ወይም ልጅ ሲጫወት የሚወጣው በአብዛኛው ሳድስ ነው፤ አልፎ አልፎ ራብዕ ጣል ይልበታል። የዕዙ መልእክት ሥርዓተ ነጥቡ ተትቶ ከ`g` ጀምሮ በእንዲህ ያለ ኪቦርድ ቢጻፍ «ግምልሽዝስሳው» ይሆን ነበር፦ ሰባት ሳድስ፣ አንድ ራብዕ። አማርኛ ሳድስ የሚወድ ቋንቋ ቢሆንም፣ ግዕዝ፣ ካዕብና ሣልስ እንዲህ ጨርሶ የሚጠፉበት ጽሑፍ የለውም።

ሌላው አሻራ መደጋገም ነው። ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ ኮምፒውተሩ ለአፍታ ይጠብቅና ያንኑ ምልክት በፍጥነት ይደረድረዋል። የአንድ ፊደል ረጅም ሰልፍ የሚነግረን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ቁልፉ ላይ እንዳረፈ ነው፤ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል፣ ድመት ሊሆን ይችላል፣ እንቅልፍ የጣለው ሰውም ሊሆን ይችላል። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የባንክ ሠራተኛ 62.40 ዩሮ ሊያስተላልፍ ሲል ለቅጽበት አሸለበውና ጣቱ `2` ላይ ቀረ። ሰነዱ ላይ የተጻፈው 222,222,222.22 ዩሮ ሆነ። ስሕተቱ ቶሎ ተገኝቶ ታረመ፤ ሰነዱን ሳታስተውል ያሳለፈችው ሠራተኛ ግን ከሥራ ተባረረች። በቀጣዩ ዓመት የሄሰን ግዛት የሠራተኞች ፍርድ ቤት ማባረሩ አግባብ አይደለም ብሎ ወሰነላት። ማንም ሊያጭበረብር ያሰበ ሰው ያን የመሰለ ቁጥር አይመርጥም፤ የተደጋገመው `2` የተጫነ ቁልፍ ምልክት እንጂ የሐሳብ ምልክት አይደለም።

እጅ በስልክ ላይ ሲሆን ግን አሻራው ሊደበዝዝ ይችላል። ቃል የሚያርመውና የሚገምተው ፕሮግራም የተነካካውን ፊደል ወደ እውነተኛ ቃል ይለውጠዋል፤ ከኪስ ውስጥ የተላከ መልእክት ትክክለኛ ቃላት ኖረውት ሐሳብ የሌለው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ቁልፎቹን መቁጠር አይረዳም፤ የሚረዳው በፊትና በኋላ ያለውን ማየት ነው። ሐሳቡ በመሐል ተቆርጧል? ላኪው ወዲያው ሰርዞታል? በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር? ልጅ ያለበት ቤት ነው?

እንደ አደጋ የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። እስራኤል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን `akuo` የሚል መልእክት ቢደርሳቸው ብዙዎቹ ወዲያው ያውቁታል፤ ጸሐፊው ኪቦርዱን ከእንግሊዝኛ ወደ ዕብራይስጥ ሳይቀይር «ሻሎም» ብሎ ነው የጻፈው። እያንዳንዱ ፊደል ሁልጊዜ በአንድ ሌላ ፊደል ስለሚተካ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ከዩኒኮድ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶችም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይመስሉ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእነዚህ መለያቸው ክፍተታቸው ነው። ባዶ ቦታዎቹ ጽሑፉን ቃል በሚያክሉ ቁርጥራጮች ይከፍሉታል፣ ተመሳሳይ ቁርጥራጮችም በየቦታው ይመለሳሉ። የሕፃን እጅ ይህን አያደርግም።

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም የከበደ ነው። የቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በአንድ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ታሪክ አለ። የ25 ዓመት ነፍሰ ጡር ከባሏ ጋር ስለ መውለጃዋ ቀን በስልክ ትጻጻፋለች። መልሶቿ ግራ አጋቡት፤ አንደኛው `every where thinging days nighing` ይላል። ባልየው ወደ ሆስፒታል ሄዳ እንድትታይ አደረገ። ሐኪሞቹ ሲመረምሯት ንግግሯ ተደናቅፎ፣ የቀኝ ጎኗም ደክሞ አገኙት፤ የአንጎል ምስሉ ስትሮክ መሆኑን አሳየ። ስልኳ ቃል የማረም አገልግሎቱ ጠፍቶ ስለነበር ስሕተቱ ሳይስተካከል እንዳለ ደርሷል።

ይህን መልእክት ከዕዙ መልእክት ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ክፍተት አለ፤ `thinging` እና `nighing` በእንግሊዝኛ የሉም፣ ነገር ግን የእንግሊዝኛ ግሥ አካሄድ አላቸው፣ ጮክ ብሎም ማንበብ ይቻላል። ጎረቤት ቁልፍ አልተነካካም። ጣቶቹ የታዘዙትን ጽፈዋል፤ የተዛባው ቃሉን የሚያዘጋጀው ክፍል ነው። በአማርኛም ቢሆን ልብ የሚባለው ይኸው ነው፦ ቃል የሚመስል፣ «ው» ወይም «ኣል» ይዞ የሚያልቅ፣ ግን ትርጉም የሌለው ቃል በተደጋጋሚ፣ በተለይም አጥርቶ ከሚጽፍ ሰው ሲመጣ።

ለአደጋው ዓይነት «መልእክትህ ተቆርጦ ደረሰኝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከመሥሪያ ቤት የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ገጹን ክፍት ትቶ እንደሄደ መንገር ይጠቅማቸዋል፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ማንም ምንም ሊልክበት ይችል ነበር። ለመጨረሻው ዓይነት ግን ጽሑፍ አይበቃም። ደውሎ ድምፁን መስማት፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግም መጠየቅ፣ አጠገቡ ያለ ሰው ካለ ሁለት እጁን እንዲያስነሳውና ፊቱ በአንድ ጎን መውደቅ አለመውደቁን እንዲያይ ማድረግ ያስፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከተዛባ ወዲያው ሆስፒታል ነው። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ፣ ሐኪሞች መጀመሪያ ከሚጠይቁት አንዱ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና የነበረው መቼ እንደሆነ ነው። ያ ሰዓት ስልኩ ላይ፣ በደንብ ከተጻፈው የመጨረሻ መልእክት ጎን ተመዝግቦ ይገኛል።