ስክሪን ላይ ያለን ቀልድ መተርጎም

አንድ የቲክቶክ ስክሪንሾት እንውሰድ። ልጅ ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል፤ እናቱ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዛለች። ከላይ ያለው እንግሊዝኛ «ፒኦቪ» ብሎ ይጀምርና እናት «እንሂድ» ካለች አንድ ሰዓት ማለፉን ይናገራል። «ፒኦቪ»ን «የእይታ አቅጣጫ» ብንለው የካሜራ ትምህርት ይመስላል። ሥራው ተመልካቹን በልጁ ቦታ ማቆም ስለሆነ ትቼው እንዲህ እጽፋለሁ፦

«እማዬ ‹በቃ እንሂድ› ካለችህ...
ይኸው አንድ ሰዓት!»

የሚያስቀው ሰዓቱ ነውና መጨረሻ ይምጣ። ጽሑፉ ከረዘመ የልጁን ፊት ይሸፍናል፤ የቀልዱ ግማሽ ደግሞ ፊቱ ላይ ነው። ከታች ከራስ ቅል ምልክት ጋር ያለው «ሞቻለሁ» «በሳቅ ሞትኩ» ይሁን፤ ብቻውን መርዶ ይመስላል። ሲጨርሱ ቪዲዮውን ላላየ ሰው ያሳዩት፤ ማብራሪያ ከጠየቀ እንደገና ይጻፉት።