የሁለት እረኞች መስክ

አስናቀና ደምሴ አንድ መስክ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። መስኩ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የጋራ ነው፤ አጥር የለውም፣ ወሰንም የለውም። ሁለቱም በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን አሥር አሥር ጠቦት ይገዛሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ያግጣሉ፣ ሲደልቡ ይሸጣሉ። ታሪኩ ፈጠራ ነው፤ በውስጡ ያለው ስሌት ግን በብዙ የጋራ ሀብት ላይ በእውነት ይደርሳል።

መስኩ የሚችለው ሃያ በግ ነው እንበል። በጎቹ ሃያ ሲሆኑ እያንዳንዱ በዓመት 20 ኪሎ ይጨምራል። ስለዚህ አስናቀ ከአሥሩ 200 ኪሎ ያገኛል፣ ደምሴም እንደዚያው። ከሃያ በላይ አንድ በግ በገባ ቁጥር ግን ሣሩ ለሁሉም ስለሚያንስ፣ የእያንዳንዱ በግ ጭማሪ በአንድ ኪሎ ይቀንሳል።

በሁለተኛው ዓመት አስናቀ ገበያ ውስጥ በርካሽ የሚሸጥ አንድ ጠቦት አየ። «ይህን የሚያህል መስክ አንድ ጠቦት ምን ያጎድለዋል?» አለና ገዛው። በጎቹ ሃያ አንድ ሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ጭማሪም 19 ኪሎ ሆነ። አስናቀ ከአሥራ አንዱ በጎቹ 209 ኪሎ አገኘ፤ ከአምናው በ9 ኪሎ ይበልጣል። ምንም ያልጨመረው ደምሴ ግን 190 ኪሎ ብቻ ደረሰው። አስናቀ 9 ኪሎ ሲያተርፍ ጎረቤቱ 10 ኪሎ ከሰረ።

ደምሴ መቀነሱን ያወቀው በእጁ ነው። በጎቹን ለገበያ ሲያዘጋጅ ጣቱን ከአከርካሪያቸው ግራና ቀኝ አሳርፎ ዳሰሳቸው። አምና ሥጋ የሸፈነው አጥንት ዘንድሮ ጣቱን ቆረቆረው።

«አስናቀ፣ በጎችህ ስንት ደረሱ?» ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ብቻ ነው የጨመርኩት። መስኩ መች አነሰን?»

ደምሴ አልተጣላም። በሚቀጥለው መስቀል እሱም አሥራ አንድ ጠቦት ገዛ። አሁን በጎቹ ሃያ ሁለት፣ ጭማሪያቸውም 18 ኪሎ ሆነ። ሁለቱም 198 ኪሎ አገኙ። ተጨማሪ ጠቦት ገዝተው፣ ተጨማሪ በግ ጠብቀው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ያነሰ አገኙ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለምን ወደ አሥር አይመለሱም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚሁ ነው። አስናቀ ብቻውን ወደ አሥር ቢመለስ በጎቹ ሃያ አንድ ይሆናሉ፤ እሱ 190 ኪሎ ያገኛል፣ ያልቀነሰው ደምሴ ደግሞ 209። ብቻውን የቀነሰ ሰው ለጎረቤቱ ይቀንሳል እንጂ ለራሱ አይጠቀምም። በተቃራኒው አሥራ ሁለተኛ በግ የጨመረ ሰው 198 ኪሎው ወደ 204 ያድግለታል፤ ሌላው ወደ 187 ይወርዳል። ስለዚህ አስናቀ አሥራ ሁለት አደረሰ፣ ደምሴ ተከተለ፤ አስናቀ አሥራ ሦስት አደረሰ፣ ደምሴ ደገመ።

በጎቹ ሃያ ስድስት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ጭማሪ 14 ኪሎ ነው። የአስናቀም የደምሴም ድርሻ 182 ኪሎ ሆኗል። ከዚህ በኋላ አሥራ አራተኛ በግ ማስገባት የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ 14 በግ በ13 ኪሎ ሲባዛ ያው 182 ነው። ሩጫው እዚህ ላይ ቆመ። መስኩ በሃያ በግ 400 ኪሎ ይሰጥ ነበር፤ አሁን በሃያ ስድስት በግ 364 ኪሎ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዳቸውም ሰነፍ ወይም ክፉ አልነበሩም። እያንዳንዱ እርምጃ ለተራመደው ሰው ትርፍ ነበረው፤ ኪሳራው ግን ከሁለቱም ላይ ተሰበሰበ።

ሁለት መሆናቸው ደግሞ በጅቷቸዋል። አንድ ሰው አንድ በግ ሲጨምር ከሚመጣው ጉዳት ግማሽ ያህሉ ወደ ራሱ በጎች ይመለሳል፤ ይህ እጁን ይይዘዋል። በዚያው መስክ ላይ ዘጠኝ እረኞች ቢኖሩ ግን እያንዳንዱ ከጉዳቱ የሚደርሰው አንድ ዘጠነኛ ገደማ ብቻ ነው። በተመሳሳይ ስሌት ዘጠኙ የሚቆሙት አራት አራት በግ ይዘው፣ በድምሩ ሠላሳ ስድስት ሲደርሱ ነው። ያኔ እያንዳንዱ በግ በዓመት 4 ኪሎ ብቻ ይጨምራል። መስኩም 400 ኪሎ መስጠቱ ቀርቶ 144 ኪሎ ይሰጣል። ተጋሪው በበዛ ቁጥር «የእኔ አንድ በግ ምን ያጎድላል?» የሚለው አስተሳሰብ የበለጠ እውነት ይመስላል፣ ውጤቱም የበለጠ ይከፋል።

ይህ ሁሉ ስሌት ሣሩ በየዓመቱ እንደነበረ ይበቅላል ብሎ ነው። መሬት ግን እንዲህ ታጋሽ አይደለም። በግ መጀመሪያ የሚበላው ለስላሳውንና የሚጣፍጠውን ሣር ነው። ያ ሣር ቅጠሉ ሳያገግም ደጋግሞ ሲጋጥ ሥሩ ያጥራል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ቦታውን በግ የማይነካው እሾሃማና መራራ ተክል ይይዘዋል። የተረገጠ አፈር ይጠጥራል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው መስረጉ ቀርቶ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ መስክ መጎዳቱን ለማወቅ ከአረንጓዴነቱ ይልቅ የበቀለውን ዓይነት ማየት ይበጃል። ከሩቅ አረንጓዴ የሚመስለው መስክ በቅርብ ሲታይ በግ የማይበላው ተክል ብቻ ሊሆን ይችላል። በሣሩ ጉቶዎች መካከል ባዶ መሬት ከታየ፣ ከዝናብ በኋላም የሚወርደው ውኃ ከቀላ፣ ጉዳቱ ሥር ሰዷል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱን ታሪክ በጽሑፍ ካሰፈሩት አንዱ እንግሊዛዊው ዊልያም ፎርስተር ሎይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በታተመው ጽሑፉ በጋራ መስክ ላይ የሚሰማሩ ከብቶች ለምን ከሲታ እንደሚሆኑ ጠየቀ። በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው ግን አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ጋሬት ሃርዲን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ «የጋራ ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ» ሊባል የሚችል ርዕስ ሰጥቶ አወጣው። ሃርዲን መውጫ አድርጎ ያየው ሀብቱን ለግለሰብ ማከፋፈልን ወይም የመንግሥትን ቁጥጥር ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «የጋራ የሆነ ሁሉ ይጠፋል» ብሎ ደመደመ።

ድምዳሜው ስህተት ነው። በታሪካችን ውስጥ አስናቀና ደምሴ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው አልተነጋገሩም፤ ስንት በግ ይግባ የሚል ደንብም አልነበራቸውም። ባለቤት የሌለው መስክና የጋራ ባለቤት ያለው መስክ የተለያዩ ናቸው። ሃርዲን ራሱ በኋላ ላይ የተናገረው ሥርዓት ስላልተበጀለት የጋራ ሀብት መሆኑን ግልጽ አድርጓል። አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች የግጦሽ መስክን፣ ደንን፣ የመስኖ ውኃንና የዓሣ ማስገሪያን አጥንታ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩአቸውን አሳየች። በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2009 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ከጠቀሰቻቸው ምሳሌዎች አንዱ የስዊዘርላንዱ ቶርበል መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣው ደንባቸው ማንም ሰው በክረምት በራሱ መኖ ሊያቆያቸው ከሚችላቸው ላሞች በላይ ወደ ተራራው መስክ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን መንዝ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍታ ጀምሮ የተዘረጋው የጓሳ መስክ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ሥፍራ ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድም ይገምዳል።

ይህን መስክ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። የመስኩ ባለ መብቶች አካባቢውን ያቀኑት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበሩ። አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው መስኩን ያስጠብቃሉ፣ በተራ እየወጡም ይቃኛሉ። መስኩ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት፣ ከሣር ቆራጭም ከከብትም ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ይነገራል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ይዘጋል። አጥፊ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር።

ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም፤ ከአቅኚዎቹ የማይወለድ ሰው ከመብቱ ውጭ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የዘር መብቱ ቀረ። ከእሱ ጋር ግን ቄሮም ፈረሰ። የሚዘጋውና የሚከፍተው አለቃ ባለመኖሩ ከዚህም ከዚያም ገብቶ የሚያግጥና የሚያጭድ በዛ፣ መስኩም ተጎዳ። ነዋሪዎቹ በኋላ አዲስ ኮሚቴና ደንብ አበጅተው ጥበቃውን መለሱ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ጥብቅ ሥፍራ ነው። በዚያው መስክ ላይ ሣሩም አየሩም አንድ ሆኖ፣ ደንብ ሲኖር ቆየ፣ ደንብ ሲጠፋ ተጎዳ፣ ደንብ ሲመለስ ዳነ።

ለአስናቀና ለደምሴም መፍትሔው ይኸው ነው። በመስቀል ማግስት በጎቻቸውን አንድ ላይ ይቁጠሩ፤ ከአሥር በላይ ያስገባ ሰው ከዚያ በግ ያገኘውን ለጎረቤቱ እንዲከፍል ይስማሙ። ያን ጊዜ አሥራ አንደኛው በግ 19 ኪሎ ቢጨምርም ትርፉ ለደምሴ ስለሚሆን፣ አስናቀ በአሥሩ በጎች ላይ የደረሰውን የ10 ኪሎ ጉድለት ብቻ ይሸከማል። መጨመር አትራፊ መሆኑ ያከትማል። ቆጠራው በጋራ ካልሆነ ግን ስምምነቱ አይጸናም፤ ጎረቤቱ ይደብቃል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ቀድሞ ይጨምራልና።

እርስዎም የሚጋሩት መስክ፣ ምንጭ፣ የመስኖ ቦይ ወይም የግቢ ውኃ ካለ፣ ከመጎዳቱ በፊት ከጎረቤቶችዎ ጋር ተቀምጠው ሦስት ነገር ይወስኑ፦ ተጠቃሚው ማን ነው? እያንዳንዱ ስንት ይውሰድ? የሚቆጥረውና ጥፋተኛን የሚዳኘው ማን ነው? እነዚህ ሦስቱ ካልተመለሱ፣ የሰዎቹ ደግነት ብቻውን መስኩን አያድነውም።