የ56 ደቂቃው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ፣ ቼልምስፎርድ በተባለች ከተማ፣ አንድ ሰው መኪናውን የገበያ ማዕከል ማቆሚያ ውስጥ ያቆማል። ማቆሚያው ለሁለት ሰዓት ነጻ ነው፤ ከዚያ ያሳለፈ ግን 85 ፓውንድ እንደሚከፍል በየቦታው በተተከሉ ሰሌዳዎች ላይ በጉልህ ተጽፏል። ሰውየው 56 ደቂቃ አሳለፈ። ክፈል ሲባል እምቢ አለ፤ ክርክሩም እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

መከራከሪያው ድርጅቱ በእሱ መቆየት የከሰረው ነገር ስለሌለ ክፍያው ካሳ ሳይሆን ቅጣት ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ሙግት በእንግሊዝ ሕግ የቆየ ሥር አለው። ተዋዋዮች ውል ቢፈርስ የሚከፈለውን ካሳ አስቀድመው መቁረጥ ይችላሉ። ቤቱን አከራይቶ በወር 20,000 ብር ሊያገኝ ያሰበ ሰው፣ ሥራ ተቋራጩ ለሚዘገይበት እያንዳንዱ ወር 20,000 ብር እንዲከፍለው ቢዋዋል፣ ገንዘቡ ከሚቀርበት ኪራይ ጋር ይመጣጠናል። ለአንድ ቀን መዘግየት 500,000 ብር ብሎ ቢያስጽፍ ግን ዓላማው ጉዳት መካስ ሳይሆን ማስፈራራት ነው። የእንግሊዝ ዳኛ ይህን ሁለተኛውን አያስፈጽምም፤ ከሳሹ የሚያገኘው በማስረጃ ያሳየውን ኪሳራ ብቻ ነው።

መለኪያውን ያስቀመጠው በ1914 የተወሰነው የደንሎፕ ጎማ ጉዳይ ነው፤ የተቆረጠው ገንዘብ ሊደርስ ከሚችለው ከፍተኛ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ከልክ ያለፈ ነው ወይ? በዚያ ጉዳይ ከተወሰነው ዋጋ በታች ለሚሸጥ እያንዳንዱ ጎማ 5 ፓውንድ መክፈል ተገቢ ካሳ ተብሎ ጸንቷል።

በዚህ መለኪያ ብቻ ቢሄድ ባለመኪናው የሚረታ ይመስል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2015 ጥያቄውን አሰፋው። ድርጅቱ ባይከስርም ቦታው ለሌሎች ሸማቾች ቶሎ እንዲለቀቅ የማድረግ ተገቢ ጥቅም አለው፤ 85 ፓውንድም ከዚያ ጥቅም ጋር ሲታይ ያልተጋነነ ነው አለ። ሰውየው ተረታ። ከዳኞቹ አንዱ ብቻ በውሳኔው አልተስማሙም።

ይህ ልዩነት ኢትዮጵያ ውስጥ እምብዛም አይሠራም። በቤትና በመኪና ሽያጭ ውሎች መጨረሻ ላይ የምናየውን «ገደብ» የሚመለከተው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ነው። በዚህ ሕግ ውል አክባሪው ምንም ጉዳት ባይደርስበትም ገደቡን መጠየቅ ይችላል፤ ዳኛውም ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በቀር በዝቷል ብሎ አይቀንሰውም። ስለዚህ ደላላው ወይም ውል ጸሐፊው በልማድ የሚሞላውን የገደብ መጠን ሳያነቡ አይፈርሙ፤ የሚደራደሩበት ጊዜ ከፊርማው በፊት ነው።